በሰው ፊት እየተነጋገሩ የሚስጥር ቁልፍ መስማማት፦ የዲፊ-ሄልማን ልውውጥ ደረጃ በደረጃ

ቴሌግራም ላይ ስትደውሉ ስክሪኑ ላይ አራት ትንንሽ ኢሞጂዎች ይወጣሉ። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስሉታል። እነዚህ ምስሎች ግን ከአንድ ቁልፍ የተቀዱ አሻራዎች ናቸው። ጥሪው ሲጀመር ሁለቱ ስልኮች ቁጥር ተለዋውጠዋል። ቁጥሮቹ ያለፉት በኢንተርኔት ነው፣ መሃል ያለ ሁሉ ሊያያቸው ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ከልውውጡ በኋላ ሁለቱ ስልኮች ብቻ የሚያውቁት አንድ የሚስጥር ቁልፍ ተገኝቷል።

ይህ ዘዴ የዲፊ-ሄልማን ልውውጥ ይባላል። እዚህ በትንንሽ ቁጥሮች በእጃችን እንሠራዋለን። ከዚያ ወደ እውነተኛው መጠን እናሳድገዋለን። የት ላይ እንደሚበላሽና ብልሽቱ እንዴት እንደሚታወቅም እናያለን። ወረቀት፣ እስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃችኋል። ፓይተን ያለው ኮምፒውተር ካላችሁ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

ችግሩ ምን ነበር?

መልእክት መመስጠር ከጥንት ጀምሮ ነበረ። አስቸጋሪው ነገር ቁልፉን ማድረስ ነው። የምትመሰጥሩበትና የምትፈቱበት ቁልፍ አንድ ከሆነ፣ ያ ቁልፍ አስቀድሞ ሌላው ሰው እጅ መግባት አለበት። በምን ታደርሱታላችሁ? በስልክ ብትነግሩት ይሰማል። በደብዳቤ ብትልኩት ይከፈታል። መንግሥታትና ባንኮች ለዘመናት በታመነ መልእክተኛ ሲልኩ ኖረዋል። ፈጽሞ ለማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ግን መልእክተኛ የለም።

በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ከዚህ የሚያስወጣ መንገድ አሳተሙ። ቁልፉን መላክ ጨርሶ ቀረ። ሁለቱም በየፊናቸው ያንኑ ቁልፍ አስልተው ይደርሱበታል። ራልፍ ሜርክል የሚባል ተማሪ ከእነሱ በፊት ሌላ ዓይነት መንገድ ጀምሮ ነበር፤ ሄልማን ራሱ በኋላ የሜርክል ስም አብሮ ይጠራ ብሏል። የእንግሊዝ የስለላ ድርጅት ውስጥም ማልኮልም ዊሊያምሰን በ1974 ተመሳሳዩን ደርሶበት ነበር። ሥራው ግን እስከ 1997 በሚስጥር ተይዞ ቆየ። ዲፊና ሄልማን ለሥራቸው የ2015ን የቱሪንግ ሽልማት አግኝተዋል።

የምትፈልጉት ሒሳብ

የሚያስፈልገው ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ካካፈላችሁ በኋላ የምትይዙት ቀሪውን ነው። ይህን ሁላችንም ከሰዓት እናውቀዋለን። 9 ሰዓት ላይ ሆናችሁ 5 ሰዓት ብትጨምሩ 14 አትሉም፣ 2 ሰዓት ትላላችሁ። 12 ሲሞላ ተጥሎ ቀሪው ብቻ ይቆጠራል። እኛም እንዲሁ እናደርጋለን፣ ግን በ12 ፈንታ በሌላ ቁጥር። ያንን ቁጥር p እንበለው። «በ p ቀሪ» ስል፣ ለ p አካፍላችሁ የተረፈውን ያዙ ማለቴ ነው። ኮምፒውተር ላይ mod ተብሎ ይጻፋል።

p ብቸኛ ቁጥር መሆን አለበት፤ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል። ለልምምዳችን 47ን መርጫለሁ። ሁለተኛው የጋራ ቁጥር መነሻው ነው፣ g እንበለው። እኛ 5ን እንወስዳለን። 5ን ደጋግመን በራሱ እያባዛን በ47 ቀሪውን ስንይዝ፣ ከ1 እስከ 46 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ አንድ በአንድ ያዳርሳል። ቅደም ተከተሉ ግን የተዘበራረቀ ነው፦ 5፣ 25፣ 31፣ 14፣ 23፣ 21 እያለ ይሄዳል። ይህን መዘበራረቅ ልብ በሉት፤ ደኅንነቱ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

p እና g ሚስጥር አይደሉም። ጋዜጣ ላይ ቢወጡም ምንም አይጎዳም።

ደረጃ 1፦ እያንዳንዱ የራሱን ሚስጥር ይመርጣል

ሁለቱን ሰዎች ሰላምና ዳዊት እንበላቸው። አይተዋወቁም። መሃላቸው ደግሞ የሚያወሩትን ሁሉ የሚሰማ ጆሮ ጠቢ አለ።

ሰላም ለራሷ ብቻ 13ን መረጠች። ዳዊት ለራሱ 21ን። እነዚህን ቁጥሮች ማንም ለማንም አይልክም። ሰላምም ዳዊት የመረጠውን መቼም አታውቅም፣ እሱም የእሷን። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ የሚስተው ይህን ነው፤ «መጨረሻ ላይ ይነጋገራሉ» ብሎ ይጠብቃል። አይነጋገሩም።

ደረጃ 2፦ የሚላከውን ቁጥር ማስላት

ሰላም 5ን 13 ጊዜ በራሱ አባዝታ በ47 ቀሪውን ትይዛለች። 12 ጊዜ ማባዛት አያስፈልግም። አቋራጩ የመጣውን በራሱ እያባዙ መሄድ ነው፣ በየእርምጃው ቀሪውን እየያዙ፦

```
5^1  = 5
5^2  = 25
5^4  = 25*25 = 625 -> 14
5^8  = 14*14 = 196 -> 8
5^16 = 8*8   = 64  -> 17
```

13 ማለት 8 ሲደመር 4 ሲደመር 1 ነው። ስለዚህ የሦስቱን መስመሮች ውጤት ታባዛለች። 8 በ14 ሲባዛ 112 ነው፣ ቀሪው 18። 18 በ5 ሲባዛ 90፣ ቀሪው 43። ሰላም የምትልከው 43 ነው፤ A እንበለው።

ዳዊትም ያንኑ ይሠራል። 21 ማለት 16 ሲደመር 4 ሲደመር 1። 17 በ14 ሲባዛ 238፣ ቀሪው 3። 3 በ5 ሲባዛ 15። ዳዊት 15ን ይልካል፤ B እንበለው።

በእጅ ስትሠሩ ስህተት የሚገባው ቀሪ መያዙ ላይ ነው። መሃል ላይ ከ46 የሚበልጥ ቁጥር ይዛችሁ ከሄዳችሁ አንድ እርምጃ ረስታችኋል ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ የመጣውን በራስ ሚስጥር ማራባት

ሰላም 15 ደረሳት። አሁን 15ን 13 ጊዜ በራሱ ታባዛለች፤ 15ን በ13 ማራባት የምለው ይህን ነው፦

```
15^2 = 225   -> 37
15^4 = 37*37 -> 6
15^8 = 6*6   = 36
15^13: 36*6 = 216 -> 28,  28*15 = 420 -> 44
```

ዳዊት 43 ደረሰው። እሱ 43ን 21 ጊዜ ያባዛል፦

```
43^2  = 1849  -> 16
43^4  = 16*16 -> 21
43^8  = 21*21 -> 18
43^16 = 18*18 -> 42
43^21: 42*21 = 882 -> 36,  36*43 = 1548 -> 44
```

ሁለቱም 44 አገኙ። 44 የሚባል ቁጥር በመስመሩ ላይ አላለፈም፣ ማንም አልላከውም። ቁልፉ እሱ ነው።

ለምን ተገናኙ? ዳዊት የላከው 15 ራሱ 5 ሃያ አንድ ጊዜ ሲባዛ የመጣ ነው። ሰላም ያንን 13 ጊዜ ስታባዛው፣ 5 በጠቅላላው 13 በ21፣ ማለትም 273 ጊዜ ተባዝቷል። ዳዊት ጋ ስትሄዱ ደግሞ 43 ውስጥ 5 አሥራ ሦስት ጊዜ አለ፣ እሱም 21 ጊዜ አባዛው። 21 በ13 ያው 273 ነው። ማባዛት በየትኛው ብትጀምሩ ውጤቱ አይለወጥም፣ መሃል ላይ ቀሪ መያዝም ውጤቱን አያዛባም። ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የተደበቀ ነገር የለም።

በፓይተን እንዲህ ታረጋግጣላችሁ፦

```python
p, g = 47, 5
a, b = 13, 21
A = pow(g, a, p)
B = pow(g, b, p)
print(A, B, pow(B, a, p), pow(A, b, p))
```

43 15 44 44 ብሎ ማውጣት አለበት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከተለያዩ፣ አንዱ የራሱን ቁጥር በራሱ ሚስጥር አራብቷል ወይም ሁለቱ ወገኖች የያዙት p አንድ አይደለም።

ጆሮ ጠቢው ምን ያዘ?

አራት ቁጥር ያውቃል፦ 47፣ 5፣ 43፣ 15። የመጀመሪያው ሐሳቡ ሁለቱን የተላኩ ቁጥሮች ማባዛት ይሆናል። 43 በ15 ሲባዛ 645፣ ቀሪው 34። ይህ ግን አይጠቅመውም። ሁለቱን ሲያባዛ ሚስጥሮቹ ይደመራሉ፤ እሱ የሚፈልገው ደግሞ የሚስጥሮቹን ብዜት ነው። ከያዛቸው ቁጥሮች በቀጥታ ወደዚያ የሚወስድ የታወቀ አቋራጭ የለም።

የሚቀረው ወደ ኋላ መሄድ ነው። «5 ስንት ጊዜ ሲባዛ 43 ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ። ዲስክሪት ሎጋሪዝም የሚባለው ይህ ጥያቄ ነው። ተራ ቁጥሮች ቢሆኑ ቀላል ነበር፣ ምክንያቱም ብዙ ባባዛችሁ ቁጥር ውጤቱ ያድጋል። ትንሽ ከሆነ ጨምሩ፣ ትልቅ ከሆነ ቀንሱ ብሎ መጠጋት ይቻላል። ቀሪ ስንይዝ ግን ውጤቱ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። 43 ማግኘታችሁ ስለ 13 ቅርበትም ርቀትም አይናገርም።

በ47 ግን ጆሮ ጠቢው አይቸገርም። 5፣ 25፣ 31 እያለ ቢሄድ በ13ኛው ሙከራ 43 ላይ ይደርሳል። አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ስለዚህ ቁጥሩን እናሳድገዋለን።

ደረጃ 4፦ ወደ እውነተኛው መጠን

ዛሬ በዚህ ዓይነቱ ልውውጥ p ቢያንስ 2048 ቢት ይሆናል። በአሥር ቁጥር ሲጻፍ ከ600 አሃዝ በላይ ነው፣ አንድ ሙሉ አንቀጽ የሚሞላ ቁጥር። የቴሌግራም የሚስጥር ቻትም በዚህ መጠን ይሠራል። ሰላምና ዳዊት ላይ የሚጨምረው ድካም ትንሽ ነው። ቅድም ያየነው አቋራጭ ለ2048 ቢት ሚስጥር ሁለት ሺህ ገደማ ጊዜ በራስ ማባዛትና ከዚያ ያነሰ ተጨማሪ ብዜት ብቻ ይጠይቃል። ስልክ ይህን ወዲያው ይጨርሳል። ጆሮ ጠቢው ግን አንድ በአንድ ልሞክር ካለ የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ አይበቃውም።

ስትጽፉት ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው፣ `g ** a % p` ብላችሁ አትጻፉ። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ግዙፉን ብዜት ሙሉ በሙሉ ሊያሰላ ይሞክራል፣ ማህደረ ትውስታውም ይሞላና ይቆማል። `pow(g, a, p)` በየእርምጃው ቀሪ እየያዘ ይሄዳል። ሁለተኛው ሚስጥሩ ከየት እንደሚመጣ ነው። የልደት ቀን፣ የስልክ ቁጥር ወይም የ`random` ሞጁል አይሆንም። የ`random` ቁጥሮች ለጨዋታና ለስታቲስቲክስ የተሠሩ ናቸው፣ ከተከታተሏቸው ሊገመቱ ይችላሉ። ይህን ተጠቀሙ፦

```python
import secrets
a = secrets.randbelow(p - 3) + 2
```

p ራሱን ግን አትፍጠሩ። ለዚህ ሥራ የተመረጡና በይፋ የታተሙ ቁጥሮች አሉ። ከእነዚህ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት «ግሩፕ 14» ይባላል፣ RFC 3526 የሚባለው ሰነድ ውስጥ ይገኛል፣ 2048 ቢት ነው፣ g ደግሞ 2 ነው። ለአዲስ ሥራ RFC 7919 ላይ ያለው ffdhe2048ም አለ።

የታወቀ p መጠቀም አደጋ የለውም ወይ ለሚል ሰው መልሱ መጠኑ ላይ ነው። በ2015 ሎግጃም የተባለውን ጥቃት ያሳተሙ ተመራማሪዎች ይህን በተግባር አሳዩ። ያኔ ብዙ ሰርቨሮች ሲጠየቁ በ512 ቢት ቁጥር ለመሥራት ይስማሙ ነበር፣ ያውም አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት p። ተመራማሪዎቹ ለዚያ p አንድ ሳምንት ያህል ቅድመ ስሌት ሠሩ። ከዚያ በኋላ በዚያው p የተደረገን እያንዳንዱን ልውውጥ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይፈቱት ጀመር። ከባዱ ሥራ የሚሠራው ለ p ነው፣ ለአንድ ሰው ውይይት አይደለም። ለዚህ ነው 1024 ቢት እንኳ ዛሬ የማይመከረው፤ የመንግሥት አቅም ያለው ወገን አንዴ ገንዘቡን አውጥቶ ሚሊዮኖችን ሊሰማ ይችላል። በ2019 ደግሞ ሌላ የተመራማሪዎች ቡድን 795 ቢት ላይ ያለ አንድ ዲስክሪት ሎጋሪዝም ፈታ። 2048 ከዚህ እጅግ የራቀ ነው፤ የጭማሪው ክብደት ከቢቱ ብዛት ጋር እኩል አይሄድም፣ እጅግ ይፈጥናል።

ደረጃ 5፦ የመጣውን ቁጥር ሳትፈትሹ አትቀበሉ

መጽሐፍት ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ክፍል ይህ ነው። ለእኔ ግን የሚሠራውን ፕሮግራም ከሚያስተማምነው የሚለየው እዚህ ነው።

ዳዊት ጋ የደረሰው ቁጥር 43 ሳይሆን 46 ቢሆንስ? 46 በ47 ቀሪ ሲቆጠር ከዜሮ አንድ ወደ ኋላ እንደማለት ነው። 46 በ46 ሲባዛ ቀሪው 1 ይሆናል። ስለዚህ ስንትም ጊዜ ብታባዙት ውጤቱ ወይ 46 ወይ 1 ነው፣ ሌላ የለም። ዳዊት ምንም ያህል ጥሩ ሚስጥር ቢመርጥ ቁልፉ ከሁለት አንዱ ሆነ። 1 ቢላክ ቁልፉ ሁልጊዜ 1 ነው፣ 0 ቢላክ ሁልጊዜ 0። ስለዚህ የመጣው ቁጥር ከ1 የሚበልጥና ከ p−1 የሚያንስ መሆኑን አረጋግጡ፦

```python
if not 1 < B < p - 1:
    raise ValueError("B")
```

p በዘፈቀደ ከተመረጠ ሌሎች ወጥመዶችም አሉ። 31ን እንውሰድ። ብቸኛ ቁጥር ነው። ግን 5 በ31 ቀሪ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 125 ይሆናል፣ ቀሪው 1። ስለዚህ አንድ ሰው 5ን ቢልክላችሁ ቁልፋችሁ 1፣ 5 ወይም 25 ብቻ ይሆናል። ምክንያቱ 30 ለ2፣ ለ3 እና ለ5 መካፈሉ ነው፤ እያንዳንዱ ትንሽ አካፋይ አንድ ትንሽ ክብ ይፈጥራል፣ የገባው ቁጥር ከዚያ አይወጣም። በ47 ግን 46 የሚካፈለው ለ2 እና ለ23 ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱ p፣ ከላዩ አንድ ተቀንሶ ለሁለት ሲካፈል ሌላ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጥ፣ አስተማማኝ ብቸኛ ቁጥር ይባላል። የቴሌግራም መመሪያም ስልኩ ከሰርቨሩ የመጣለትን p እንዲህ መሆኑን ራሱ እንዲፈትሽ ያዛል። ሰርቨሩን ማመን አይበቃም።

የ2 ክብ ግን በ47ም ይቀራል፣ ትንሽ ነገርም ያሾልካል። ጆሮ ጠቢው 43ን 23 ጊዜ አባዝቶ ቀሪውን ቢይዝ 46 ያገኛል። ይህ የሰላም ሚስጥር ጎዶሎ ቁጥር መሆኑን ይነግረዋል፤ ሙሉ ቢሆን ኖሮ 1 ነበር የሚመጣው። አንድ ቢት ሾለከ ማለት ነው። በእውነተኛ ሥራ ግማሹን ቁጥሮች ብቻ የሚያዳርስ g የሚመረጠው ይህን ለመድፈን ነው። በእኛ ልምምድ በ5 ፈንታ 25ን ብንወስድ ይደፈን ነበር።

ደረጃ 6፦ ከማን ጋር ነው የተስማማችሁት?

እስካሁን ጆሮ ጠቢው ዝም ብሎ የሚሰማ ነበር። አሁን መሃል ገብቶ መልእክቶቹን ይያዝና ይቀይር። ሁሉም ሒሳብ ልክ ሆኖ ሳለ ነገሩ የሚፈርሰው እዚህ ነው።

ሰላም 43ን ትልካለች። መሃል የገባው ሰው ይይዘዋል። የራሱን ሚስጥር 9ን ይመርጣል። 5 ዘጠኝ ጊዜ ሲባዛ በ47 ቀሪው 40 ነው። ለዳዊት 43ን ትቶ 40ን ይልክለታል። ዳዊት የላከውን 15ም ያስቀርና ለሰላም 40ን ይልክላታል።

ሰላም 40ን በ13 ታራባለች፣ 22 ታገኛለች። ዳዊት 40ን በ21 ያራባል፣ 23 ያገኛል። መሃል ያለው ሰው ሁለቱንም ማስላት ይችላል፤ 43ን በ9 ቢያራባ 22፣ 15ን በ9 ቢያራባ 23 ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ ሰላም በ22 መስጥራ የላከችውን ይፈታል፣ ያነባል፣ በ23 መልሶ መስጥሮ ለዳዊት ያሳልፋል። ሁለቱም መልእክታቸው እየደረሰ ስለሆነ ምንም አይጠረጥሩም። መቆራረጥ የለም፣ ስህተት የሚል ጽሑፍም አይወጣም።

ከደረጃ 5 ያለው ፍተሻም አይይዘውም፣ ምክንያቱም 40 ደህና ቁጥር ነው። p ትልቅ መሆኑም አይከለክለውም። ልውውጡ የሚሰጠው «ከአንድ ሰው ጋር ሚስጥር አላችሁ» የሚል ዋስትና ብቻ ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ አይናገርም። ይህን ለማወቅ ከልውውጡ ውጭ የሆነ ነገር ያስፈልጋል።

የሚያጋልጠው ምልክት አንድ ነው፦ የሁለቱ ቁልፎች መለያየት። 22 እና 23። ሰላምና ዳዊት መሃል ያለው ሰው ሊቀይረው በማይችል መንገድ ቁልፋቸውን ቢያነጻጽሩ ወዲያው ይታወቃል። ቁልፉን ራሱን ጮክ ብሎ ማንበብ ግን አይቻልም። ስለዚህ ከቁልፉ በሃሽ የተሠራ አጭር አሻራ ይነበባል። ሃሽ ወደ ኋላ የማይመለስ ስሌት ነው፤ ከአሻራው ቁልፉ አይገኝም፣ ቁልፉ በጥቂቱ ቢለይ ግን አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ዋትስአፕ ለዚህ 60 አሃዝ ያለው ቁጥርና የሚቃኝ ኮድ ያሳያል። የቴሌግራም የሚስጥር ቻት ምስል ያሳያል። የቴሌግራም ጥሪ ደግሞ እነዚያን አራት ኢሞጂዎች። አረብ አገር ያለች እህት ከደሴ ቤተሰቧ ጋር ስታወራ፣ «እኔ ጋ ዓሣ፣ ጃንጥላ፣ ባቡር፣ ሎሚ» ብላ ብታነብና ያኛውም ወገን ያንኑ ካየ፣ መሃል የገባ የለም። የምታነበው ድምፅ የምታውቁት ሰው ድምፅ መሆኑ እዚህ ላይ ዋጋ አለው፤ ምስሎቹን በጽሑፍ ብትልኩት መሃል ያለው ሰው ጽሑፉንም ሊቀይረው ይችላል። ስለዚህ በቃል አንብቡት።

አራት ምስል እንዴት ይበቃል?

ይህ እኔን በጣም ከሚማርኩኝ የአሠራር ዘዴዎች አንዱ ስለሆነ ትንሽ ላቆያችሁ። ምስሎቹ የሚመረጡት ከ333 ኢሞጂዎች ነው። አራቱ ቦታ ሲሞላ 12 ቢሊዮን ገደማ ዓይነት አሰላለፍ ይወጣል። ለሰው ብዙ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን አይደለም። መሃል ያለው ሰው ሁለቱንም ቁጥር አይቶ መምረጥ ቢችል፣ 9ን ሞክሮ ምስሎቹ ካልተመሳሰሉ 10ን፣ ከዚያ 11ን እያለ፣ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ምስል የሚያወጣለትን ቁጥር እስኪያገኝ ይፈልግ ነበር።

ይህን ለመከልከል ልውውጡ ላይ አንድ እርምጃ ተጨመረ። ደዋይዋ ሰላም ቁጥሯን A ወዲያው አትልክም። መጀመሪያ የ A ን ሃሽ ብቻ ትልካለች። ይህ ቁጥሯን እንደመቆለፍ ነው፤ ዳዊት አያየውም፣ እሷም ከዚያ በኋላ መቀየር አትችልም። ዳዊት B ን ይልካል። ያኔ ሰላም A ን ትገልጣለች፣ ዳዊትም ሃሹን ሠርቶ ቅድም ከመጣለት ጋር ያመሳክራል። ካልገጠመ ጥሪው ይቋረጣል።

አሁን መሃል ያለው ሰው ተያዘ። ለዳዊት የራሱን ሃሽ መላክ ያለበት የዳዊትን ቁጥር ሳያይ ነው። ለሰላምም የራሱን ቁጥር መላክ ያለበት የእሷን ሳያይ ነው። እየሞከረ መፈለግ ቀረ፣ ያለው አንድ ግምት ብቻ ነው። ምስሎቹ በዕድል የመግጠማቸው ነገር ከ12 ቢሊዮን አንድ ነው። ቢሞክርና ሳይገጥም ቢቀር ደግሞ ተጋለጠ።

ድረ ገጾች ላይ እንዲህ ዓይነት ንባብ የለም። እዚያ ሰርቨሩ የላከውን ቁጥር በዲጂታል ፊርማ ይፈርማል፣ ብሮውዘራችሁም ፊርማውን ከሰርተፍኬቱ ጋር ያመሳክራል። መሃል የገባው ሰው 40ን ሊልክ ይችላል፣ መፈረም ግን አይችልም። «ይህ ሰርተፍኬት አይታመንም» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ዝም ብላችሁ ካለፋችሁ ይህን መከላከያ ራሳችሁ እንደፈታችሁት ይቆጠራል።

ደረጃ 7፦ ቁልፉን ማጣራት፣ ሚስጥሩን ማጥፋት

የተገኘው ቁጥር እንዳለ ለምስጠራ አይውልም። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ቢቶቹም እኩል የተበተኑ አይደሉም። በሃሽ ላይ በተሠራ የቁልፍ ማውጫ ስሌት ያልፋል፤ የተለመደው HKDF ነው። ከዚያ የሚወጣው 256 ቢት ነው መልእክት የሚመሰጥረው።

ቀጥሎ 13 እና 21 ይጠፋሉ። ለእያንዳንዱ ውይይት አዲስ ሚስጥር ይመረጣል፣ ሲያልቅ ይሰረዛል። ይህን ካደረጋችሁ ነገ ስልካችሁ ቢወሰድ እንኳ፣ ዛሬ የተቀዳውን ምስጥር የሚፈታ ቁጥር እዚያ ውስጥ የለም። ያንኑ ሚስጥር ለዓመታት ብትጠቀሙበት ግን አንድ ቀን ሲወጣ የኋላው ሁሉ አብሮ ይከፈታል። በ2018 የወጣው የድረ ገጾች የምስጠራ ደንብ TLS 1.3 የማይቀየር ሚስጥር የሚጠቀመውን የቁልፍ ስምምነት ጨርሶ ያስወጣው ለዚህ ነው። የቴሌግራም የሚስጥር ቻትም አንድ ቁልፍ ከ100 መልእክት በላይ ካገለገለ ወይም ሳምንት ካለፈው ልውውጡን እንደገና ያደርጋል።

በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ

ዛሬ አብዛኛው ልውውጥ የሚደረገው ከብቸኛ ቁጥር በቀሪ ብዜት ወጥቶ ኤሊፕቲክ ከርቭ በሚባል ጥምዝ መስመር ላይ ነው። X25519 የሚባለው በብዛት ይሠራል። ሐሳቡ ያው ነው፦ የጋራ መነሻ፣ የግል ሚስጥር፣ መላክ፣ የመጣውን በራስ ሚስጥር ማስላት። ልዩነቱ ቁጥር ማባዛቱ በከርቭ ላይ ያሉ ነጥቦችን በመደመር መተካቱ ነው። ለከርቭ እስካሁን ፈጣን የመፍቻ መንገድ ስላልተገኘ፣ 32 ባይት ብቻ መላክ ከ2048 ቢት የበለጠ ጥንካሬ ይሰጣል። ሊኑክስ ወይም ማክ ላይ ኦፕንኤስኤስኤል ካለ እንዲህ ሞክሩት፦

```
openssl genpkey -algorithm X25519 -out selam.pem
openssl genpkey -algorithm X25519 -out dawit.pem
openssl pkey -in selam.pem -pubout -out selam_pub.pem
openssl pkey -in dawit.pem -pubout -out dawit_pub.pem
openssl pkeyutl -derive -inkey selam.pem -peerkey dawit_pub.pem | xxd -p -c 32
openssl pkeyutl -derive -inkey dawit.pem -peerkey selam_pub.pem | xxd -p -c 32
```

የመጨረሻዎቹ ሁለት ትእዛዞች አንድ ዓይነት 64 ፊደል ማውጣት አለባቸው። ከጓደኛ ጋር በሁለት ኮምፒውተር ስትሠሩት _pub ያለበትን ፋይል ብቻ ተላላኩ፤ በኢሜይልም፣ በግሩፕ ቻትም ቢሆን ችግር የለውም። ውጤታችሁ ካልገጠመ መጀመሪያ የየትኛውን ፋይል እንደላካችሁ እዩ፣ ብዙ ጊዜ የራስን _pub መልሶ ማስገባት ነው። ፋይሎቹ ልክ ሆነው አሁንም ካልገጠመ፣ ደውሉና የላካችሁትን የ_pub ፋይል `sha256sum` (ማክ ላይ `shasum -a 256`) በቃል አነጻጽሩ። እዚያ ላይ ልዩነት ካለ ፋይሉ መንገድ ላይ ተቀይሯል።

አንድ ወሰን ይቀራል። በቂ መጠን ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ከተሠራ፣ ፒተር ሾር በ1994 ያሳየው ስሌት ዲስክሪት ሎጋሪዝምን በቀሪም በከርቭም ላይ ይፈታዋል። እንዲህ ያለ ማሽን ዛሬ የለም። ግን የዛሬን ምስጥር ቀድቶ አስቀምጦ ያኔ መፍታት ይቻላል። ስለዚህ አዳዲሶቹ ብሮውዘሮች X25519ን ኳንተም ኮምፒውተርን እንዲቋቋም ተብሎ ከተሠራው ML-KEM ከሚባል ሌላ ዘዴ ጋር ያጣምራሉ፣ ቁልፉም ከሁለቱም ውጤት አንድ ላይ ይወጣል። ያን ቁልፍ ለማግኘት ሁለቱንም መስበር ያስፈልጋል።